እሷ ሐዋሳ፣ ኪራዩ እኛ ላይ

ደባል «ልለቅ ነው» የምትለው ሁልጊዜ የሌላው እጅ ሥራ ሲይዝ ነው። ጥር 18 ማታ እኔ ሽንኩርት እያቁላላሁ፣ ነርሷ ለአዳር ተረኝነቷ ነጭ ጋውኗን እየተኮሰች ሳለ፣ ሦስተኛዋ ከትንሿ ክፍል ብቅ አለችና «ልጆች፣ ዝውውሩ ጸደቀልኝ፤ ከየካቲት አንድ ጀምሮ ሐዋሳ ነኝ» አለች። እሰይ አልናት። ተቃቀፍን። ሽንኩርቱ አረረ። ድስቱን ስፈገፍግ ነው ጣቴን አጥፌ መቁጠር የጀመርኩት፦ ለወሩ መጨረሻ የቀሩት አሥራ ሁለት ቀናት ናቸው።

እሷ ግን ቀኑን ከኛ ቀድማ ታውቀዋለች። ማመልከቻውን ያስገባችው በኅዳር ነበር። «ካልተሳካ በከንቱ ላስጨንቃችሁ አልፈለግሁም» አለች። ለኛ አሳቢ መሆኗ ነው እንግዲህ። ቀጥላም ሻንጣዋን ከአልጋ ሥር እየጎተተች፣ «ለጋሼ አንቺ ንገሪያቸው፣ አንቺን ይሰሙሻል» አለችኝ። ጋሼ አከራያችን ናቸው።

ይቺን «አንቺን ይሰሙሻል» የምትባል ነገር እኔ አውቃታለሁ። ውሃ ሲጠፋ የኮሚቴውን ሊቀመንበር የማናግረው እኔ፣ የጎረቤት ቧንቧ በጣራችን ሲያንጠባጥብ አምስተኛ ፎቅ የምወጣው እኔ፣ ኪራይ በስሜ የማስተላልፈው እኔ። በየደባሉ ቤት አንድ እንዲህ ያለች ምስኪን አትጠፋም። የተመረጠችበት ቀን አይታወቅም፣ የምትወርድበትም ቀን የለም።

ስለዚህ ጻፍኩ። ወጥ እያማሰልኩ፣ በግራ እጄ፣ በቴሌግራም፦ «ጋሼ እንደምን አመሹ? እትዬ ደህና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ከየካቲት ጀምሮ ቤቱን ስለመልቀቅ ጉዳይ ልናነጋግርዎት ፈልገን ነበር። መልካም አዳር።» ደግሜ አነበብኩት፤ ጨዋ ነው፤ ላክሁት። ጋሼም አዩት፣ ሁለቱ ምልክቶች መጡ፣ መልስ አልመጣም። እንቅልፌን ተኛሁ።

በማግስቱ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ፣ እኔ ቢሮ ሆኜ፣ ነርሷ ደወለችልኝ። ከአዳር ገብታ ገና ዓይኗን ስትከድን በሩ ተንኳኳ። ነጠላዋን ጣል አድርጋ ብትከፍት ደላላ። ከኋላው አንድ ወንድና አንዲት ሴት፣ ሊጋቡ ቀን የቆረጡ የሚመስሉ። ደላላው ጫማውን እንኳ ሳይጠርግ ገባና «ይቺ ሳሎን ናት፣ ይቺ ዋናዋ መኝታ፣ በረንዳው ፀሐይ ያገኛል፣ ሃያ ስምንት ሺህ» እያለ እሷው በቆመችበት ቤቱን ማስጎብኘት ጀመረ። እኛ የምንከፍለው 21,000 ነው። ሙሽሪት ቁም ሣጥናችንን ከፍታ ጥልቀቱን በክንዷ ለካች አለችኝ ነርሷ። እስካሁን ይቅር አላለቻትም።

ጥፋቱ የማን ነው? የኔው ነው፣ ማንን አማለሁ። «ቤቱን ስለመልቀቅ» ብዬ የጻፍኩት እኔ። ከሦስታችን አንዷ እንደሆነች፣ ሁለታችን እንደምንቆይ፣ ኪራዩ እንደማይጓደል አንድም ቃል አልጻፍኩም። አንድን አከራይ በዚያ መልእክት የሱንም የሚስቱንም ጤና ጠይቄ አንዴም ስለ ገንዘቡ አልነገርኩትም። ጋሼ ጡረተኛ ናቸው። ቤቱ የ20/80 ዕጣ ነው፤ የባንኩ ዕዳ በየወሩ ይቆረጣል፣ የሚቆረጠውም ከኛው ኪራይ ነው። ስልካቸው ላይ «መልቀቅ» የሚል ቃል ሲያዩ እንደ ደባል ሆድ አይብሳቸውም፤ የባንኩ ቀን ነው ፊታቸው ላይ ድቅን የሚለው። ደላላ መጥራታቸው አይፈረድባቸውም። የሚያናድደው ግን ከዚያች ጠዋት ጀምሮ ጋሼ ቤታቸው 28,000 እንደሚያወጣ ከደላላ አፍ መስማታቸው ነው። አንዴ ጆሮ የገባ ዋጋ ደግሞ አይወጣም።

ያን ዕለት ማታ ውሉን ከመሳቢያ አወጣነው። ከፈረምን ወዲህ አይተነው አናውቅም፤ የጋዝ ሲሊንደር ደረሰኝና የአንዲት ሠርግ መጥሪያ መሀል ነው የተገኘው። ከጥቅምት 1 ቀን 2017 እስከ መስከረም 30 ቀን 2019፣ ሁለት ዓመት። ሁለት ዓመት የሆነው እኛ ወይም ጋሼ ስለወደድን አይደለም፤ በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ፣ ቁጥር 1320፣ ከዚያ ያነሰ ውል ስለማይፈቅድ ነው። ቅድሚያ የከፈልነውም ከሁለት ወር መብለጥ ስለማይችል 42,000 ነው፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት ወራት ኪራይ ሆኖ ይታሰባል ተብሎ ተጽፏል። ወረዳ ተመዝግቧል፣ ማኅተም አለው። ከታች የሦስታችን ስምና ፊርማ ተደርድሯል። ከፊርማዎቹ በላይ ደግሞ ያን ቀን ቶሎ ቶሎ ተነቦልን፣ እኛም «እሺ፣ እሺ» እያልን ያለፍነው መስመር ተቀምጧል፦ ተከራዮች ለኪራዩ ክፍያ «በአንድነትና በነጠላ» ኃላፊ ናቸው።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ደባል የሚሰነካከለው እዚህ ነው። ሰው «በአንድነትና በነጠላ» ሲባል «እንደ ድርሻ ድርሻችን» ማለት ይመስለዋል። ተቃራኒው ነው። ጋሼ 21,000ውን ከሦስታችን በአንድ ላይ መጠየቅ ይችላሉ፤ ከፈለጉ ደግሞ ሁለቱን ትተው ከአንዷ ብቻ ሙሉውን መጠየቅ ይችላሉ። «ጋሼ፣ የኔን ስድስት ሺህ እነሆ፣ ቀሪውን ሐዋሳ ደውለው ይጠይቁ» ብሎ ነገር የለም። የኛ ክፍፍል፣ ማን ትንሿን ክፍል ብቻዋን እንደያዘችና 9,000 እንደምትከፍል፣ ማን ትልቋን ተጋርቶ 6,000፣ 6,000 እንደሚከፍል፣ የኛው የቤት ወሬ ነው፤ ውሉ ላይ የለም። ሙሉውን የከፈለችው በኋላ ዞራ ከሁለቱ ድርሻቸውን ትጠይቅ፣ እሱ የእህትማማቾች ጣጣ ነው። ደግሞ መስመሩ ባይጻፍ እንኳ አናመልጥም ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1896 አንድን ዕዳ አብረው የገቡ ሰዎች ሌላ ስምምነት ከሌላቸው በቀር በአንድነትና በነጠላ እንደሚጠየቁ ይላል። ዝም ማለትም አያድንም ማለት ነው።

ይህ ለሚሄደውም ወገን ይሠራል። ሻንጣ አውርዶ፣ ቁልፍ አስረክቦ፣ ተሳስሞ መሄድ ከቤት ያስወጣል፣ ከውል አያስወጣም። ውሉ ሊያልቅ ስምንት ወር ይቀረዋል። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ በቅድሚያው ተይዘዋል፤ የቀሩት ስድስቱ በየወሩ 21,000፣ ድምሩ 126,000 ብር። እኛ ብናቋርጥ ጋሼ ሐዋሳ ድረስ ስሟን ይዘው መሄድ ይችላሉ፤ ከዕዳው የምትወጣው እሳቸው «ለቅቄሻለሁ» ብለው ሲፈርሙ ብቻ ነው። ይህን ጮክ ብዬ ሳነብላት ልብስ እያጣጠፈች ነበር። «ዕዳው ገብስ ነው፣ ምን አስጨነቃችሁ» አለች። ቁጥሩን ደግሜ ነገርኳት። ማጣጠፏን ተወች።

በውሉ ላይ አንድ ስም ብቻ ካለ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ሁለተኛ ፎቅ ያሉት ወንዶች አራት ነበሩ፣ የፈረመው ግን አንዱ ብቻ። እሱ ሲለቅ ሦስቱ ለአከራያቸው ምንም ዕዳ አልነበረባቸውም፤ እሰየው ያሰኛል። ቤቱ ውስጥ የመቀመጥ መብትም አልነበራቸውም። ሴትዮዋ «እናንተን አላውቃችሁም» አለቻቸው፣ እውነቷን ነው፣ አታውቃቸውም። ቅድሚያ የተከፈለውም በፈራሚው ስም ስለነበር ተመላሹን እሱ ተቀብሎ ከሦስቱ ጋር እስካሁን በስልክ ይካሰሳል። እኔ ያን ካየሁ በኋላ ሦስታችንም እንፈርም ያልኩት ነኝ። አሁን አንዳንዴ ማታ ማታ «ምን አስፈረመኝ» እላለሁ፣ ጠዋት ግን ሐሳቤን እለውጣለሁ።

ሁለት ማታ ተጨቃጨቅን። ጭቅጭቁ በየካቲት ኪራይ ነው። እሷ «ያልተኛሁበትን አልከፍልም»፤ ነርሷ «እኔም ሌሊት ሌሊት ሆስፒታል ነው የማድረው፣ ልቀንሳ እንግዲህ»፤ እኔ መሀል ቤት። የሚገርመው የሦስታችን የሆነ አንድም ወረቀት አልነበረንም። ለጋሼ አምስት ገጽ ፈርመን፣ እርስ በርሳችን ግን የምትለቅ ከስንት ቀን በፊት ትናገር፣ እስክትተካ ማን ይክፈል የሚለውን በግማሽ ገጽ አልጻፍነውም። ጓደኛ ወረቀት ሲያወጣ የተጠረጠረ ይመስለዋልና አፈርን። መጨረሻ ላይ መሀል ተገናኘን፦ የየካቲትን 9,000 ግማሹን፣ 4,500ውን እሷ፣ ግማሹን እኛ ለሁለት፣ 2,250፣ 2,250። ስለዚህ በየካቲት እኔና ነርሷ 8,250፣ 8,250 እንከፍላለን፣ እሷ 4,500፣ ጋሼ ዘንድ የሚደርሰው ያው 21,000። የሷ 4,500 ደግሞ ከቅድሚያ ድርሻዋ ላይ ይቀነሳል። ከ42,000ው ውስጥ የሷ 18,000 ነበር፤ ሲተካላት 13,500 ይደርሳታል። ይህን በካልኩሌተር ሦስቴ ደምሬ በደብተር ጻፍኩት፣ ሦስታችንም ፈረምን። በዚህ ቤት በስድሳ ገጽ ደብተር ላይ ውል ሲጻፍ የመጀመሪያው ነው።

ከዚያ በኋላ ነው ሁለተኛውን መልእክት የጻፍኩት። ጥር 22፣ በሁለት እጄ፣ ድስት ሳይጣድ። እነሆ እንዳለ፦

«ጋሼ እንደምን ዋሉ? በፊተኛው መልእክቴ ስላሳሳትኩዎት ይቅርታ። ቤቱን አንለቅም። ከሦስታችን አንዷ፣ ትንሿን ክፍል የያዘችው፣ በሥራ ዝውውር ጥር 30 ትሄዳለች። እኛ ሁለታችን በውሉ መሠረት እስከ መስከረም 30 ቀን 2019 እንቀጥላለን። የየካቲት ኪራይ ሙሉው 21,000 ብር እንደ ወትሮው እስከ የካቲት 5 ድረስ ከኔ ሒሳብ ይገባልዎታል፤ የጎደለውን የምንሸፍነው እኛ ነን። በሄደችው ምትክ አንዲት ሠራተኛ ሴት ፈልገን እስከ የካቲት 20 ከነመታወቂያዋ ይዘናት እንመጣለን። እርስዎ አይተው እሺ ሳይሉ ዕቃ አታስገባም፣ እኛም ከሦስት አንበልጥም። ሲስማሙ በዚያው ውል ላይ የስም ለውጥ ማሻሻያ እንፈርማለን፤ እስኪፈረም ድረስ የሄደችው ስም ከነኃላፊነቱ ውሉ ላይ ይቆያል። ቅድሚያ የተከፈለው 42,000 እርስዎ ዘንድ ባለበት ይቀመጥ፣ ተመላሽ አንጠይቅም፣ እርስ በርስ እኛው እንተሳሰባለን። የኪራዩ ዋጋና የውሉ ጊዜ እንዳለ ነው። የሚመችዎትን ቀን ቢነግሩን ሦስታችንም ቤትዎ እንመጣለን።»

ረጅም ነው፣ አውቃለሁ። ግን እያንዳንዷ ዐረፍተ ነገር የተቀመጠችው ጋሼ ሊያነሱት የሚችሉትን አንድ ነገር ለመመለስ ነው። «ቤቱን አንለቅም» ደላላውን ለመመለስ። «ሙሉው 21,000» ከነቀኑ ለባንኩ ቀን። «ከሦስት አንበልጥም» ለእትዬ፤ እትዬ የውሃ ነገር እንደ ልጅ ነው የሚያሳስባቸው፣ ሮቶው ሲጎድል ደረጃ ላይ ስንት ጫማ እንደወጣ ይቆጥራሉ። «አይተው እሺ ሳይሉ» ደግሞ ለውሉ ለራሱ፤ ተከራይ ቤቱን ለሦስተኛ ወገን አሳልፎ አይሰጥም የሚል አንቀጽ አለበት፣ በየውሉ የማይጠፋ ነው። ደባል ተክቶ ዝም ማለት፣ «ማን ያውቃል፣ እህቴ ናት እንላለን» ማለት፣ ያን አንቀጽ ራሳችን አፍርሰን ለአከራዩ ማስወጫ ምክንያት በሳህን ማቅረብ ነው። ከአራተኛ ፎቅ እህቴ ናት ብሎ ውሸት ደግሞ ሦስተኛ ፎቅ ሳይደርስ ነው የሚታወቀው።

ጋሼ በጽሑፍ አልመለሱም። የኛ አገር አከራይ በጽሑፍ አይመልስም። ደወሉ። «ልጄ፣ ስልክ ላይ አይሆንም፣ ኑና ቡና ጠጡ።» ሄድን። ፈንዲሻው ተበተነ፣ አቦሉ ወረደ፣ የሐዋሳ አየር ተመሰገነ። ቶናው ላይ ሲደርስ ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ አዲስ ሰው ከገባ አዲስ ውል ነው። አዲስ ውል ከሆነ ደግሞ… ዘመኑን ታውቁታላችሁ። ሃያ ስምንት እየሰጡኝ ነው። ለናንተ ሃያ አራት ይሁን።»

መጥፎ ሰው አይደሉም። መጥፎ ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር። እስካሁን አንዴም ሳያስፈቅዱ በሩን አላንኳኩም፤ ምድጃው ሲቃጠል ራሳቸው ሠራተኛ ይዘው መጥተዋል። ግን አዲስ ሰው ማለት አዲስ ውል ማለት አይደለም። ውሉ ገና አላለቀም፣ ከፈራሚዎቹ ሁለቱ ቁጭ ብለው ቡና እየጠጡ ነው፣ የሚቀየረው አንድ ስም ነው። በተመዘገበ ውል ላይ ያለ ዋጋ ደግሞ አከራይ በፈለገበት ቀን የሚያነሳው አይደለም፤ አዋጁ ጭማሪን በዓመት አንዴ ተቆጣጣሪው አካል በሚወስነው ልክ አስሮታል። ይህን ሁሉ በሆዴ ይዤ በአፌ ያልኩት፣ «ጋሼ፣ ወረዳ ያለው ወረቀት ላይ 21,000 ነው የተጻፈው፤ እኛም ያን እያየን ነው ቅድሚያውን እርስዎ ዘንድ የተውነው» ነው። እትዬ ከረከቦቱ ኋላ ሆነው ጋሼን አይዋቸው። «ልጆቹ ንጹሕ ናቸው» አሉ። በረካው ቀረበ፤ ስለ ሃያ አራት ያወራ ሰው አልነበረም። ያን ዕለት ያሸነፈልን አዋጁ ይሁን የደረጃው ጽዳት እስካሁን አላውቅም።

ተተኪ ፍለጋውን ብዙ አላወራም፣ ለሌላ ቀን የሚበቃ እሮሮ አለው። አንደኛዋ መጥታ ትንሿን ክፍል አየችና «መስኮቱ ወዴት ነው የሚያየው?» አለች፤ የጎረቤት ግድግዳ ነው የሚያየው። ሁለተኛዋ «አንዳንዴ ወንድሜ ያድራል» አለች፤ ስንት ቀን ብንላት «ከሰኞ እስከ ዓርብ»። ሦስተኛዋ ጥሩ ነበረች፣ ባንክ ቤት ገንዘብ ያዥ፣ ግን 9,000 አልቻለችም። ያኔ ነርሷ ለኔ ከሁሉ የከፋ ሐሳብ አመጣች፦ ቀን የምተኛው እኔ ነኝና ትንሿን ክፍል እኔ ልውሰድ፣ ግን በ8,000። ስለዚህ አዲሷና እኔ ትልቋን በ6,500፣ 6,500 እንጋራ። 8,000ና 13,000፣ 21,000 ሞላ። ሁሉም ደስ አለው። እኔ ምንም ሳልንቀሳቀስ፣ ያችው አልጋዬ ላይ እንደተኛሁ፣ 500 ብር ጨመርኩ።

ቅድሚያውም እንደገና ተሰላ፣ የሁለት ወር ነውና፦ ነርሷ 16,000፣ እኔ 13,000፣ አዲሷ 13,000። ነርሷ በፊት የነበራት 12,000 ነው፣ አራት ጨመረች፤ እኔ አንድ ጨመርኩ፤ አዲሷ አሥራ ሦስቱን አመጣች። ተደምሮ የሄደችው 18,000 ሆነ። አዲሷ ግን ገንዘብ ያዥ ናትና እኛ የረሳነውን ጠየቀች፦ «አሥራ ሦስት ሺሁን ለሄደችው ልጅ ስሰጥ፣ ነገ ጋሼ ‹ካንቺ ምንም አልተቀበልኩም› ቢሉኝስ?» እውነቷን ነው። ብሩ ከእጅ ወደ እጅ ከተከራይ ወደ ተከራይ ሲያልፍ አከራዩ መሀል የለም፤ ምንም አላየም፣ ምንም አልፈረመም። ስለዚህ ማሻሻያው ላይ አንድ መስመር ተጨመረ፤ አከራዩ ዘንድ ካለው 42,000 ውስጥ የለቀቀችው ድርሻ ለሚቀጥሉት ሦስት ተከራዮች መተላለፉን አከራዩ አውቋል የሚል። ልጅቷን ያን ጊዜ ወደድኳት።

ማሻሻያው ራሱ አንድ ገጽ አይሞላም። የለቀቀችው እስከ የካቲት 30 ላለው ትጠየቃለች፣ ከመጋቢት 1 ጀምሮ ነፃ ናት። አዲሷ ከመጋቢት 1 ጀምሮ ከሁለታችን ጋር በአንድነትና በነጠላ ገብታለች፣ ከዚያ በፊት ላለ ዕዳም ሆነ ጉዳት አትጠየቅም። የመታጠቢያ ቤቱ ሁለት ሴራሚክ የተሰነጠቀው ከሷ በፊት መሆኑ ተጻፈ፣ ፎቶም አነሳነው። ሌላው የውሉ ቃል እንዳለ ይቀጥላል። አራታችንና ጋሼ መፈረም አለብን፣ ከዚያ ወረዳ ሄዶ ከዋናው ውል ጋር ይያያዛል።

አራታችን። አራተኛዋ ሐዋሳ ናት። «ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ፣ ስልኬ ላይ ልፈርም» አለች። አይሆንም። «በቃ አንቺ ፈርሚልኝ፣ ፊርማዬን ታውቂዋለሽ።» ይህንንማ ለነርሷም አልነገርኳት። ወይ ትመጣለች፣ ወይ እዚያው ሆና ሕጋዊ ውክልና አሠርታ ትልካለች። ሁለት ሳምንት አቅማማች። መጨረሻ ያመጣት ፊርማው አይደለም፤ ፍራሿና 13,500 ብሯ ናቸው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሚኒባስ ይዛ፣ ገመድ ይዛ፣ ዓሣ በላስቲክ ቋጥራ መጣች። በሩ ላይ ተቃቀፍን። ከዚያ እስክሪብቶ ሰጠኋት። «ውሃ እንኳ ልጠጣ እንጂ!» አለች። ጠጣች፣ ፈረመች፣ ብሯን አስተላለፍኩላት፣ ፍራሹን ለአራት ተሸክመን አራት ፎቅ አወረድነው። አዲሷም ገና ባልገባችበት ቤት የማታውቃትን ሰው ፍራሽ ተሸከመች።

የጥር የውሃ ሒሳብ የመጣው ዘግይቶ ነው፤ ደብተሩ ላይ ኪራዩን እንጂ ውሃውን አልጻፍነውም ነበር። የሄደችው ድርሻ 187 ብር ነው። ነገርኳት፣ «አሁን እልካለሁ» አለች። ይኸው ሦስተኛ ሳምንቱ። ትናንት ማታ የሐይቁን ፀሐይ ስትጠልቅ ፎቶ አንስታ ላከችልን።